ከመሥሪያ ቤት ወደ ለቅሶ ቤት የሚሄደው ደብዳቤ

በሰው ሀብት ክፍል የሚሠራ ሰው ይዋል ይደር እንጂ ይህ ሥራ ይደርሰዋል። አንድ ጠዋት ስልክ ይደወላል፣ የሥራ ባልደረባ አርፏል ይባላል። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ «እባክህ ለቤተሰቡ አንድ ደብዳቤ አዘጋጅ» ይላል። ብዙ ጊዜ ከምሳ በፊት እንዲደርስ ይፈለጋል፤ ቀብሩ 9 ሰዓት ነውና።

እኔ የምሠራው በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው። እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎችን ስጽፍ ቆይቻለሁ። እዚህ የማጫውታችሁ ግን ስለ አንዱ ብቻ ነው፤ ስለ ጥገና ክፍል ኃላፊያችን። ሠራተኛው ሁሉ ጋሼ ይላቸው ነበር፣ እኔም እንዲሁ ልጥራቸው።

መጀመሪያ ግን ደብዳቤው የት እንደሚሄድ እናስብ። ሰው በወንበሩ ተቀምጦ በጸጥታ የሚያነበው ወረቀት አይደለም። ድንኳን ውስጥ አንድ ሰው ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል። ከኋላ የእድር ሴቶች ሳህን ያንኳኳሉ፣ አዲስ ለቀስተኛ ሲገባ ልቅሶው ይነሣል፣ አንባቢው ቆም ይላል። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ አጭር መሆን አለበት። አራት መስመር የሚሄድ ዐረፍተ ነገር ድንኳን ውስጥ መሐሉ ላይ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ወረቀቱ ቤት ይቀራል። ከፎቶ አልበሙ ጋር ይቀመጥና ልጆቹ ሲያድጉ ያወጡታል። ሁለት ዓይነት አንባቢ አለው ማለት ነው፤ ዛሬ እያለቀሰ የሚሰማውና ከዓመታት በኋላ ብቻውን የሚያነበው።

የብዙ መሥሪያ ቤት ችግር «ሐዘን» የሚል ፋይል ኮምፒውተር ላይ መኖሩ ነው። ፋይሉ ይከፈታል፣ ስም ይቀየራል፣ ይታተማል። ቀድሞ በሠራሁበት ቦታ አንድ ጊዜ የወንድ ለቅሶ ላይ «አርአያ የሆነች ሠራተኛ ነበረች» ተብሎ ተነበበ። ያለፈው ደብዳቤ የሴት ነበርና ስሙ ተቀይሮ ግሡ ቀርቷል። የሟቹ ወንድም ቀና ብሎ አንባቢውን ያየበትን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስለዚህ የድሮ ደብዳቤ ቅርጹን ለማየት እከፍታለሁ እንጂ በላዩ ላይ አልጽፍም። ባዶ ገጽ ከፍቼ ነው የምጀምረው።

ወደ ጋሼ ልመለስ። የደወለልን የሚስታቸው ወንድም ነው። ለአጭር ጊዜ ታመው ነበር፤ ሌሊቱን ሆስፒታል አረፉ። ሐዘኔን ከገለጽኩ በኋላ የጠየቅኩት የመጀመሪያ ጥያቄ «ያልተረዳ የቤተሰብ አባል አለ?» የሚል ነበር። አለ። እናታቸው ደብረ ብርሃን አካባቢ ገጠር ይኖራሉ፤ አልሰሙም። መርዶው በማግስቱ ንጋት ላይ፣ የአገር ሽማግሌዎች ባሉበት ሊነገራቸው ታስቧል።

ይህ ነገር ብዙዎች የማያስቡት ነው። መሥሪያ ቤቱ በቅን ልቡና ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ፎቶ ይለጥፋል። አንዱ ሠራተኛ ፎቶ ያነሣውና በቴሌግራም ይለቀዋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ገጠር ያለ የአክስት ልጅ እጅ ይደርሳል። እናት የልጃቸውን ሞት ሽማግሌ ሳይቀድም ከስልክ ይሰማሉ። ስለዚህ ለሥራ አስኪያጁ ነገርኳቸው፤ ደብዳቤውን ዛሬ እናዘጋጃለን፣ ለማንም ግን አናሳይም፣ ሰሌዳም ላይ አይወጣም፣ የሚሰጠው ነገ ነው። የጥገና ክፍል ልጆችንም ሰብስቤ ምክንያቱን አስረዳኋቸው። ማንም አልለጠፈም። ሰው ምክንያቱን ሲያውቅ ይጠነቀቃል።

ቀጥሎ የማደርገው ስም ማጣራት ነው። የግል ማኅደራቸውን አወጣሁ። ሲቀጠሩ የሞሉት ቅጽ ላይ «ያላገባ» ይላል፤ ተጠሪ ተብሎ የተጻፈው ሰውም ሌላ ነው። ማኅደር ብዙ ጊዜ እንዲህ ያረጀ ነው፣ ብቻውን አይታመንም። ለሚስታቸው ወንድም መልሼ ደወልኩና ጻፍኩ፦ የባለቤታቸውን ሙሉ ስም ከነአያት፣ የልጆቹን ስም በዕድሜ ቅደም ተከተል፣ የእናታቸውን ስም፣ የአጻጻፉን ፊደል ሳይቀር። «ኃይሉ» የሚጽፉ አሉ፣ «ሀይሉ» የሚጽፉም አሉ። ቤተሰቡ የሚጽፈው ነው ትክክለኛው። አባት ወይም እናት በሕይወት ካሉ ደግሞ መዘለል የለባቸውም። ደብዳቤው ለሚስት ብቻ ከተጻፈ እናት ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ስማቸው ሳይጠራ ይቀራል። አማቾች መካከል ቀድሞ የቆየ ቅሬታ ካለ ደግሞ እሳቱን እኛ ጫርነው ማለት ነው።

ሃይማኖትም ይጠየቃል። ከስም መገመት አደገኛ ነው። ለኦርቶዶክስ ቤተሰብ «ነፍሳቸውን በአፀደ ገነት ያኑርልን» ይባላል። ጴንጤ የሆነ ቤተሰብ ግን ለሞተ ሰው ነፍስ አይጸልይም፤ እዚያ «ነፍስ ይማር» ብሎ መጻፍ ባይገለጽም ቅር ያሰኛል። እነሱ የሚፈልጉት የቀሩት እንዲጽናኑ ነው። ለሙስሊም ቤተሰብ «አላህ ይዘንላቸው፣ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃቸው» ይባላል። ቀብሩም ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ስለሚፈጸም ደብዳቤው ከቀብር በኋላ ነው የሚደርሰው፤ የአበባ ጉንጉን ይዞ መሄድም አያስፈልግም። ማወቅ ካልተቻለ «ለመላው ቤተሰብ መጽናናትን እንመኛለን» ብሎ ማቆም ማንንም አያስከፋም።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል፤ ምን ይጻፍ? ሥራ አስኪያጁን ስጠይቃቸው «ታታሪ፣ ታማኝ፣ ሰው አክባሪ» አሉኝ። እውነት ነው። ግን ይህ በየድንኳኑ የሚነበብ ነው፤ ለማንም ይሆናል። ቤተሰቡ ጋሼ ታታሪ እንደነበሩ ያውቃል። የማያውቀው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ ከፋብሪካው በር ወዲያ ምን ሲያደርጉ እንደሚውሉ ነው። እኛ ልንሰጣቸው የምንችለው አዲስ ነገር ያ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወደ ጥገና ክፍል ወረድኩ። ልጆቹን «እንዴት ያለ ሰው ነበሩ?» ብዬ አልጠየቅኩም፤ ያ ጥያቄ «ጥሩ ሰው» የሚል መልስ ብቻ ነው የሚያመጣው። «አዲስ ሰው ሲቀጠር ምን ያደርጉት ነበር?» አልኳቸው። አንዱ ቱታውን እየጠረገ ግድግዳው ላይ ያለ መደርደሪያ አሳየኝ። ስንት ጊዜ በአጠገቡ አልፌያለሁ። የተበላ ኩሽኔታ፣ የተበጠሰ ቺንጋ፣ ጥርሱ የረገፈ ጊር ተደርድሮበታል። እያንዳንዱ ላይ በፕላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ ወረቀት ታስራለች። ጋሼ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፈውባታል፦ ከየትኛው ማሽን እንደወጣ፣ መቼ እንደወጣ፣ ለምን እንደተበላሸ። አንዷ ላይ «ግሪስ ስለበዛ። አዎ፣ ሲበዛም ይገድላል» ይላል። አዲስ ልጅ ሲመጣ መፍቻ ከመስጠታቸው በፊት እዚያ መደርደሪያ ፊት ያቆሙትና «መጀመሪያ እነዚህን አንብብ» ይሉት ነበር።

ደብዳቤዬን አገኘሁ። ልጁን አንድ ጊዜ ደግሞ አስነገርኩትና ቃሉን ልብ አልኩ። ከዚያ ማኅደሩ ላይ የቅጥር ዘመናቸውንና የዕድገት ደብዳቤያቸውን አየሁ፤ ዓመት ከተሳሳተ ቤተሰብ ያውቃል። ተጽፎ የወጣው ይህ ነው፤ ስሞቹን አውጥቼአለሁ።

«ለወይዘሮ (ሙሉ ስም)፣ ለልጆቻቸው፣ ለአቶ (ስም) እናት ለወይዘሮ (ሙሉ ስም) እና ለመላው ቤተሰብ፤

የአቶ (ሙሉ ስም)ን ዕረፍት የሰማነው በታላቅ ሐዘን ነው። የድርጅቱ ሥራ አመራርና ሠራተኞች ሐዘናችሁን እንጋራለን።

አቶ (ስም) በ1996 ዓ.ም. በረዳት መካኒክነት ተቀጠሩ። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ።

በክፍላቸው ግድግዳ ላይ አንድ መደርደሪያ አለ። ከማሽን ላይ የወጡ የተበላሹ ዕቃዎችን እየሰበሰቡ ያስቀምጡበት ነበር። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ መቼና ለምን እንደተበላሸ በእጃቸው ጽፈው አስረዋል። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ወደዚያ ይወስዱትና «መጀመሪያ እነዚህን አንብብ» ይሉት ነበር። ዛሬ በክፍሉ ያሉ ወጣቶች ሙያውን የጀመሩት ከዚያ መደርደሪያ ፊት ነው። መደርደሪያው እንዳለ በቦታው ይቆያል።

በዚህ ሰዓት ከእናንተ የምንጠይቀው ምንም ጉዳይ የለም። የአስተዳደር ነገሮችን በሚመለከት ጊዜው ሲደርስ እኛው እንመጣለን።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በአፀደ ገነት ያኑር። እናንተንም ያጽናችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
(ፊርማ)
ዋና ሥራ አስኪያጅ»

ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ተነብቦ ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

በረቂቁ ላይ ክርክር ነበረብን። ሥራ አስኪያጁ መጨረሻው ላይ «ድርጅታችን ምንጊዜም ከጎናችሁ ነው» የሚል እንዲጨመር ፈለጉ። ልባቸው ቅን ነው። እኔ ግን «በምን?» አልኳቸው። በማኅተም በታተመ ወረቀት ላይ «ምንጊዜም» ከተባለ ባል የሞተባት ሴት ቃል ተገባልኝ ብላ ብትይዘው ምን ይገርማል? ከስድስት ወር በኋላ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ይዛ ብትመጣ ፋይናንስ «እንዲህ ያለ መመሪያ የለም» ይላታል። ያኔ ደብዳቤው ውሸት ይሆናል። ድርጅቱ የሚያደርገው ነገር ካለ ይወሰንና በቁጥር ይጻፍ፤ ካልተወሰነ ይቅር። በምትኩ መደርደሪያው ይቆያል የሚለውን አስገባን። ትንሽ ቃል ነች፣ ግን ሥራ አስኪያጁ እዚያው ለጥገና ክፍል ትእዛዝ ሰጥተው የምትፈጸም ናት።

«እኛም እንደ ቤተሰብ ነን» የሚለውንም አወጣሁ። ደመወዝ ከፋይ እንጂ ቤተሰብ አይደለንም፤ ቤተሰቡ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይህን መስማት ይከብደዋል። «የድርጅታችንን ምርታማነት ለማሳደግ ያበረከቱት አስተዋጽኦ» የሚልም ነበር፤ እሱም ወጣ። በዚህ ቀን ስለ ምርታማነት የሚጨነቅ የለም። በሽታቸው ምን እንደነበረም አልጠቀስንም። ቤተሰቡ ሕመሙን ለጎረቤት ሳይናገር ቆይቶ ሊሆን ይችላል፣ እኛ ድንኳን ውስጥ የምናውጀው ነገር አይደለም። «ሟች» የሚለውንም አልጠቀምም፤ የፖሊስና የፍርድ ቤት ወረቀት ያስመስለዋል። በስማቸው ነው የምጠራቸው።

አንቱታውን በተመለከተ፣ ጋሼ ትልቅ ሰው ስለነበሩ ጥያቄ አልነበረውም። ሃያ አምስት ዓመቱ ለሆነ ልጅ ግን ከራስጌ እስከ ግርጌ «እርሳቸው» ስንል እናቱ የማን ደብዳቤ ነው ልትል ትችላለች። ቤተሰቡ በስልክ ሲያወራኝ እንዴት እንደሚጠራው አዳምጣለሁ። ለወጣት «ባልደረባችን» ብዬ ጀምሬ በ«እሱ» እቀጥላለሁ። ከሁሉ የከፋው መቀላቀል ነው፤ አንዱ መስመር ላይ «ያገለገሉ»፣ ቀጥሎ «ተወዳጅ ነበር» ሲል።

ስለ ቅርጽ ጥቂት ልበል። ጸሐፊዋ እንደ ልማዷ ቁጥር፣ «ጉዳዩ፦ የሐዘን መግለጫ ስለመስጠት» እና ከግርጌ «ግልባጭ፦ ለፋይናንስ መምሪያ፣ ለግል ማኅደር» ብላ አመጣችልኝ። ግልባጩን አወጣሁት። ያዘነች ሴት የባሏ የሐዘን ደብዳቤ ለፋይናንስ መመራቱን ለምን ታያለች? የማኅደር ቅጂውን እኛ ለራሳችን አስቀርተናል። «ጉዳዩ» የሚለውም ወጣ። ቀኑና የወጪ ቁጥሩ ራስጌው ላይ በትንሹ ቀረ። ማኅተም ግን ይመታ አልኩ። አንዳንዶች ማኅተም ያቀዘቅዘዋል ይላሉ። እኛ አገር ግን ማኅተም የሌለው ወረቀት ማን እንደላከው አይታመንም፣ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ፊርማው በእጅና በቀለም ይሁን፤ ስካን የተደረገ ፊርማ ያስታውቃል።

በማግስቱ መርዶው እንደተነገረ ተደወለልን። ከሰዓት በኋላ ሄድን፤ ሥራ አስኪያጁ፣ እኔ፣ ከጥገና ክፍል ደግሞ ያ መደርደሪያውን ያሳየኝ ልጅ። ከሠልስት በፊት መድረሱ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰው ይቀንስና ደብዳቤው በእጅ ተሰጥቶ ይቀራል። መጀመሪያ እንደማንኛውም ለቀስተኛ ገብተን «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብለን ተቀመጥን። ቶሎ ተነሥቶ ማንበብ ነውር ነው። ከዚያ ለሚስታቸው ወንድም በጆሯቸው ነገርኳቸው፣ እሳቸው ሰዓቱን መረጡ። ያነበበው የጥገና ክፍሉ ልጅ ነው። ሥራ አስኪያጁ እንዲያነቡ ነበር የታሰበው፤ እኔ ግን መደርደሪያው ፊት የቆመ ሰው ቢያነበው ይሻላል ብዬ ነበር፣ እሳቸውም ተስማሙ። «መጀመሪያ እነዚህን አንብብ» የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተያዘ። ከመሐል አንዲት ሴት «እቤትም እንዲሁ ናቸው፣ ምንም አይጥሉም» አሉ። ድንኳኑ ውስጥ ሳቅ ቢጤ ተሰማ፣ ከዚያ ልቅሶው ተነሣ።

የሠራተኛው መዋጮ በሌላ ፖስታ ነው የተሰጠው፤ በሌላ ሰዓት፣ በሌላ እጅ። ብርና ደብዳቤ በአንድ ፖስታ አይገቡም። የሚነበበው ደብዳቤ ውስጥም የገንዘብ መጠን አይጠቀስም።

አንድ ነገር በመሐል ላንሣ፤ ሰው በሥራ ላይ በአደጋ ሲሞት ነገሩ ይለያል። ያኔ ደብዳቤው «በደረሰባቸው አደጋ ሕይወታቸው ማለፉ» ከማለት አያልፍም። እንዴትና በማን ጥፋት የሚለው ገና ይጣራል። «ከጥንቃቄ ጉድለት» የምትል አንዲት ቃል ቤተሰቡን በሐዘኑ ላይ ትከሳለች፣ በኋላም የካሳ ክርክር ውስጥ ትገባለች። በሌላ በኩል ጠበቃ ነው የጻፈው እስኪመስል ድረስ መሸሽም ልብ ይሰብራል። ሰውየው እኛ ጋ እንደሞተ መናገር ያስፈልጋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ደብዳቤውን አንድ የሕግ ሰው እንዲያየው አደርጋለሁ፤ እንዲጽፈው ግን አልፈቅድም።

የአስተዳደር ጉዳዩን ያመጣሁት ከሳምንት በላይ ቆይቼ ነው፣ በሌላ ደብዳቤ። ያ ደብዳቤ ደረቅና ግልጽ ነው፤ እዚያ ዝርዝር ያስፈልጋል። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ያልተጠቀሙበት የዓመት ፈቃድ ወደ ገንዘብ ሲቀየር፣ ጡረታ። ጋሼ ከደመወዛቸው 7 በመቶ፣ ድርጅቱ ደግሞ 11 በመቶ ለጡረታ ሲያስገቡ ነበር፤ የተተኪዎች አበል የሚጠየቀው በዚያ ላይ ነው። ለዚህ የሞት ምስክር ወረቀት ከወረዳው ወሳኝ ኩነት፣ የጋብቻና የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የወራሽነት ማረጋገጫ ደግሞ ከፍርድ ቤት ይፈለጋል። ማኅደሩ ላይ «ያላገባ» ይል ስለነበር የጋብቻ ወረቀቱን ቶሎ እንዲያወጡ ለብቻው ነገርኳቸው፤ እሱ ከዘገየ ሌላው ሁሉ ይቆማል። ደብዳቤው ላይ «የሰው ሀብት ክፍልን ያነጋግሩ» አልተባለም። የአንድ ሰው ስምና ስልክ ነው የተጻፈው፣ የእኔ። ከሎከራቸው የወጣውን ዕቃም በዝርዝር አስፈርሜ አስረከብኩ፤ አንድ ጃኬት፣ የምሳ ዕቃ፣ መነጽር፣ ካቻቢቴያቸው። ካቻቢቴው የድርጅቱ ነው የሚል ነበር፤ እጀታው ላይ ስማቸው ተቀርጿል፣ ስለዚህ ለትልቁ ልጃቸው ሰጠሁት።